ለ500 ጠርሙስ የፀጉር ዘይት፦ ውድ የሚመስል፣ በትንሽ ወጪ የሚሠራ ማሸጊያ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ኮስሞቲክስ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ መደርደሪያውን እዩት። ከውጭ የገባው ዘይትና እዚሁ ድሬ የተሠራው ከሩቅ ይለያሉ። ብዙ ሰው ልዩነቱ የጠርሙሱ ቅርጽ ይመስለዋል። ስለዚህ ማንም የሌለው ጠርሙስ ፍለጋ ይገባል። ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። የራስ ቅርጽ ማለት ጠርሙሱ የሚቀረጽበትን የራስ ሞልድ ማሠራት ማለት ነው። የሞልድ ወጪ ደግሞ በብዙ ሺህ ጠርሙስ ካልተካፈለ አይመለስም። ለ500 ጠርሙስ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

ዓይን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው። ሌብሉ በልኩ መቀመጡ፣ ክዳኑ ከጠርሙሱ ጋር አንድ ሆኖ መታየቱ፣ ባዶ ቦታ መኖሩ፣ ዘይት አለመፍሰሱ። እነዚህ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ ልኬት ነው የሚፈልጉት። ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ አንድ ምርት ብቻ ነው፦ 100 ሚሊ ሊትር የፀጉር ዘይት፣ ሰሊጥና ጉሎ ከጥቁር አዝሙድ ጋር፣ 500 ጠርሙስ። ደቻቱ አካባቢ ከምትሠራ ወዳጄ ጋር አብረን ያዘጋጀነው ስለሆነ ልኬቶቹ የእሷ ጠርሙስ ልኬቶች ናቸው። እናንተ በራሳችሁ ልኬት ተኩት።

1. ጠርሙሱን ምረጡ

ቀጥ ያለ ክብ ጠርሙስ፣ ፔት ፕላስቲክ፣ ቀለሙ ቡኒ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ቀጥ ያለ ስል ጎኑ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ያለው ማለቴ ነው። ወደ ታች የሚጠብ ወይም ሆዱ የተነፋ ጠርሙስ ላይ አራት ማዕዘን ሌብል በትክክል አይተኛም። ወይ ይጨማደዳል፣ ወይ ጫፉ ይነሳል። ቡኒ ያልኩት ለብርሃን ነው። የድሬ ሱቅ መስኮት ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ዘይትን ቶሎ ያበላሻል፤ ሽታው ይቀየራል። ቡኒ ጠርሙስ ብርሃኑን ይቀንስለታል፤ ነጭ ሌብል ሲለጠፍበት ደግሞ በራሱ ያምራል። ብርጭቆ ያምራል፣ ግን ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ መንገድ ላይም ይሰበራል። ፔት ብርጭቆ ይመስላል፣ አይሰበርም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ፔት ሙቀት አይችልም። ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል። ያሞቃችሁትን ዘይት እጅ የሚችለው እስኪሆን አቀዝቅዛችሁ ነው የምትሞሉት።

አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ጠርሙሶች ክብደታቸው ሊለያይ ይችላል። ከእያንዳንዱ ዓይነት አሥር አሥር ወስዳችሁ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ። ከበድ ያለው ግድግዳው ወፈር ያለ ነው፤ ሲጨብጡት አይሰረጉድም። ደንበኛ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ጠርሙሱን ጨበጥ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የምትጨምሩት ትንሽ ገንዘብ በደንብ ይመለሳል። ከሁሉም ወጪ ጨምሩ የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

2. ክዳኑን ከጠርሙሱ ጋር ግዙ

የጠርሙስ አንገት በሁለት ቁጥር ይጠራል፤ ለምሳሌ 24/410። የመጀመሪያው የአንገቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራል። ሁለተኛው የጥርሱን ዓይነት። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀ ጥርሱን በዓይናችሁ ቁጠሩት። አንድ ዙር ከሆነ 400 ነው፣ አንድ ተኩል ዙር ከሆነ 410፣ ሁለት ዙር ከሆነ 415። የ410 ክዳን 400 አንገት ላይ ሲገባ የጠበቀ ይመስላል፤ ግን ከላይ ያለው ማሸጊያ አፉን በደንብ አይጫነውም። ዘይቱ የሚወጣው በዚያ ነው።

መርካቶ ጠርሙሱን ከአንዱ፣ ክዳኑን ከሌላው መግዛት የሚያዋጣ ይመስላል። አታድርጉት። ከአንድ ሻጭ ግዙ፣ እዚያው አሥሩን ክደኑና ገልብጣችሁ እዩ። ጎኑ ለስላሳ የሆነ፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ክዳን ምረጡ። ጎድጎድ ያለ መስመር ያለበት ክዳን የመድኃኒት ጠርሙስ ያስመስለዋል። ክዳኑ ውስጥ ለስላሳ ክብ ስፖንጅ መኖሩን አረጋግጡ። ከተገኘ ደግሞ አፉ ላይ የሚደፈነውን፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያለውን የፕላስቲክ ውታፍ ጨምሩ። ዘይቱ በጠብታ ይወጣል፣ የጠርሙሱ አፍም ንጹህ ሆኖ ይቆያል።

ጠብታ የሚስብ ላስቲክ ያለውን ክዳን ብዙዎች ይወዱታል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ለዘይት ግን አልመክርም። ተራው ላስቲክ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ መንገድ ላይም ያፈሳል።

3. የሌብሉን መጠን ከወረቀቱ ተነስታችሁ ወስኑ

አብዛኛው ገንዘብ የሚድነው እዚህ ነው። ውበቱም እዚሁ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

የወዳጄ ጠርሙስ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያው 40 ሲባዛ በ3.14፣ ማለትም 125.6 ሚሊ ሜትር። የድሮ ሌብሏ 120 በ55 ነበር፤ ጠርሙሱን ዞሮ ሊጨርስ ምንም አይቀረው። ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀመው ኤ3 ስቲከር ነው፤ 297 በ420። ማሽኑ ዳር ዳሩን ስለማያትም የሚታተመው 287 በ410 ያህል ነው። በእያንዳንዱ ሌብል ዙሪያ ለመቁረጫ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ቀለም ያስፈልጋል። ስለዚህ 120 በ55 የነበረው ወረቀቱ ላይ የሚይዘው ቦታ 124 በ59 ነው። በየትኛውም አቅጣጫ ብትደረድሩት ከ12 በላይ አይገባም።

አሁን ሌብሉን አሳጠርነው። 90 በ55። ትርፉ ሲጨመር 94 በ59 ይሆናል። ወደ ጎን ሦስት ይገባል፣ 282። ወደ ታች ስድስት፣ 354። ጠቅላላ 18። ከታች ግን 56 ሚሊ ሜትር ባዶ ቀረ። የማተሚያ ቤቱ ልጅ ስክሪኑን እያየ፣ «አቦ እህቴ፣ አንድ ሚሊ ብትቀንሺ እኮ ሌላ መስመር ይገባል» አላት። እውነቱን ነው። ቁመቱ 54 ሲሆን ከነትርፉ 58 ይይዛል፤ ሰባት መስመር 406 ነው፣ 410 ውስጥ ይገባል። 21 ሌብል።

ለ500 ጠርሙስ በድሮው መጠን 42 ወረቀት ያስፈልግ ነበር። በአዲሱ 24 ብቻ። ለብልሽት ሦስት ጨምሩና 27። ዋጋውን በብር የማልጽፈው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ነው፤ የወረቀቱ ቁጥር ግን አይቀየርም። የእናንተ ማተሚያ ቤት ዳሩን ስንት እንደሚተው አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ከዚህ በላይ ይተዋል፣ ያኔ ሰባተኛው መስመር ይቀራል።

ያነሰው ሌብል የበለጠ የሚያምረው ለምንድን ነው? ጠርሙሱን ሙሉ በሙሉ የሚጠቀልል ሌብል ጠርሙሱን ይደብቀዋል። 90 ሚሊ ሜትሩ ሲለጠፍ ከኋላ 35 ሚሊ ሜትር ባዶ ይቀራል፣ ዘይቱ በቡኒው ውስጥ ያንጸባርቃል። ደግሞ መጋጠሚያ የለም። ሌብል ዞሮ ራሱ ላይ ሲደርስ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን ቢዛነፍ መጋጠሚያው ላይ ያስታውቃል፤ የእጅ ሥራ መሆኑን የሚያሳብቀው እሱ ነው። መጋጠሚያ ከሌለ ስህተቱ የሚታይበት ቦታ የለም።

ዘጠናውን ለሁለት ክፈሉት። 42 ለፊት፣ 48 ለመረጃ። 42 የዙሪያው አንድ ሦስተኛ ነው። ሰው ጠርሙሱን ሳያዞር የሚያነበው ስፋት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። የምርቱ ስም ከዚህ ካለፈ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ወደ ጎን ይጠማዘዛሉ።

ምንም ነገር ከማሳተማችሁ በፊት ሌብሉን በተራ ወረቀት በትክክለኛ መጠኑ አትሙና በስኮች ጠርሙሱ ላይ አጣብቁት። ክንድ አርዝማችሁ ያዙት። ከዚያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡና ሁለት ሜትር ራቁ። ስሙ ካልተነበበ አሳድጉት፣ ከተጨናነቀ ሌላውን አውጡ።

4. ጽሑፉና ቀለሙ

ፊት ለፊት ሦስት ነገር ብቻ ይኑር፦ የብራንዱ ስም፣ ምርቱ ምን እንደሆነ፣ 100 ሚሊ ሊትር። ሌላው ሁሉ ወደ ጎን ይሂድ። ባዶው ቦታ ያስፈራል፣ አውቃለሁ። የአበባ ሥዕል፣ የሴት ፀጉር፣ «100% ተፈጥሯዊ» የሚል ማኅተም ማስገባት ያሰኛል። ከእነዚህ አንዱ በገባ ቁጥር ጠርሙሱ ርካሽ እየመሰለ ይሄዳል።

የግዕዝ ፊደል ከላቲን የበለጠ ውስጠ ብዙ ነው። «ቋ»ን ወይም «ጧ»ን በጣም አሳንሳችሁ ብታትሙት ቀዳዳው ይደፈናል። ለመረጃው ጽሑፍ ከ7 ነጥብ አትውረዱ። ደመቅ ያለ ፊደል ከፈለጋችሁ ደማቅ ቅርጹ በራሱ የተሠራለትን ፎንት ተጠቀሙ፤ Noto Serif Ethiopic ነጻ ነው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም አለው። Nyala ላይ የ«B» ቁልፍ ብትጫኑ ኮምፒዩተሩ ፊደሉን ዝም ብሎ ያወፍረዋል፣ ጫፉም ይደበዝዛል። ጥቁሩ ጽሑፍ ከጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን፦ K 100፣ ሌሎቹ ዜሮ። አራቱም ቀለም ከተደባለቀበት ትንንሹ ፊደል ዳሩ ላይ ጥላ ይኖረዋል።

ወርቃማ ቀለም የሁሉም ሰው ፍላጎት ነው። ስክሪን ላይ የሚያብረቀርቀው ወርቅ ተራ ማተሚያ ላይ ሰናፍጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። እውነተኛው ወርቅ በፎይል የሚጫን ነው፣ ለብቻው የሚሠራ የማተሚያ ቅርጽ፣ ክሊሼ፣ እና የሥራ ክፍያ አለው። ተውት። በምትኩ ነጣ ያለ ክሬም መደብ፣ ጥቁር ጽሑፍና አንድ ቀለም ብቻ ያዙ። ወዳጄ የመረጠችው የሐረር ቤት መቀመጫ መደብ፣ ነደባ፣ የሚቀባበትን ቀይ ነው። ከታች 6 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላት አንዲት መስመር፣ ከሐረሪ ስፌት የተወሰደች አንዲት ጥለት እየተደጋገመች፣ በዚያው ቀይ። የሰፌዱን ሙሉ ጥለት ከነቀለማቱ 54 ሚሊ ሜትር ላይ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ተጨናንቆ ነው የሚወጣው። ሌላ ዓይነት ዘይት ስትጨምር የምትቀይረው የመስመሯን ቀለምና የምርቱን ስም ብቻ ነው። ዲጂታል ህትመት ፕሌት ስለማይፈልግ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ብትደባልቁም ወጪው ያው ነው።

የመረጃው ክፍል ላይ ንጥረ ነገሮቹ፣ አጠቃቀሙ፣ ማስጠንቀቂያው፣ አቀማመጡ፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ ይገባሉ። ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ሌብል ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት ከማሳተማችሁ በፊት ከእነሱ ጠይቃችሁ ያዙ። «ራሰ በራነትን ይፈውሳል» ዓይነት ቃል አትጻፉ። ፈውስ ካላችሁ የምትሸጡት መድኃኒት ነው ማለታችሁ ነው፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ግን ሌብሉ ላይ አታትሙ። 500 ሌብል በአንድ ቀን ይታተማል፣ ዘይቱ ግን በየመቶው ነው የሚሞላው። ለቀኑ ለብቻ ትንሽ ነጭ ስቲከር አዘጋጅታችሁ የጠርሙሱ ቂጥ ላይ ለጥፉ።

5. ህትመት

የወረቀት ስቲከር አትቀበሉ። ርካሽ ነው፣ ግን የመጀመሪያዋ የዘይት ጠብታ ስትነካው ቢጫ ነጥብ ይሆንና አይለቅም። የፕላስቲክ ስቲከር ጠይቁ፤ ለሌዘር ማሽን የተሠራ መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ ሌላው ማሽኑ ውስጥ በሙቀት ይኮማተራል። ከላዩ የማያብለጨልጭ ላሚኔሽን ይኑረው። ሌብሉን ከተራነት የሚያወጣው በዋናነት ይኸው ማት ላሚኔሽን ነው፤ እጅ ላይ ለስለስ ይላል፣ ቀለሙንም ከጭረት ይጠብቃል።

ስቲከሩ ግልጽ፣ የሚያሳይ ዓይነት ይሁን የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። ቡኒ ጠርሙስ ላይ አይሠራም። ተራ ማሽን ነጭ ቀለም የለውም፤ ጥቁሩ ጽሑፍ በቡኒው ውስጥ ይጠፋል። ቀለም ለሌለው፣ ውስጡን ለሚያሳይ ጠርሙስና ፈዘዝ ላለ ፈሳሽ ግን ጥሩ ነው።

ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ወረቀት አሳትሙ። አንዱን ሌብል የሰሊጥ ዘይት ቀቡትና በአውራ ጣት ሃያ ጊዜ እሹት። ቀለም ከለቀቀ ወይም ላሚኔሽኑ ከዳር ከተነሳ አትቀበሉ።

6. መለጠፍ

ከመሙላታችሁ በፊት ለጥፉ። ዘይት የነካው ጠርሙስ ሙጫ አይዝም፣ ቢይዝም በሳምንቱ ይነሳል። ጠርሙሱን በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ።

ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ብታዩ በሁለቱ ጎን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን መስመር አለ። ሞልዱ የተከፈተበት ነው። ያ መስመር ፊት ለፊት ከመጣ ያስቀይማል። ፊተኛውን 42 ሚሊ ሜትር በሁለቱ መስመሮች መካከል አስቀምጡ።

ሌብሉ ሁልጊዜ በአንድ ቁመት እንዲቀመጥ ሁለት ጣውላ በቪ ቅርጽ ግጠሙና ጠርሙሱን አስተኙበት። ቂጡ የሚነካው መቆሚያ ይኑር። የሌብሉ ጠርዝ የሚያርፍበትን ቦታ በእስክሪብቶ አስምሩ። ከመሃሉ ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ዳር በጨርቅ እየጫናችሁ ለጥፉ፤ ከዳር ከጀመራችሁ አየር ይቋጥራል። ሹል ማዕዘን ቶሎ ስለሚነሳ ከመለጠፋችሁ በፊት ጥጎቹን በማዕዘን መቁረጫ ትንሽ ክብ አድርጉ። ከለጠፋችሁ በኋላ አንድ ቀን ይረፍ፣ ሙጫው የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ነው።

7. መሙላትና ደንገጎን ማለፍ

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሐረር 1,900 ይጠጋል፣ አዲስ አበባ ከዚያም ይበልጣል። እዚህ የተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አየር የድሬን ግፊት ይዞ ይወጣል። የደንገጎን ዳገት ሲወጣ የውጭው አየር ይሳሳል፣ የውስጡ ወደ ውጭ ይገፋል። ጠርሙሱ ተጋድሞ ከሆነ አየሩ ዘይቱን ነው የሚገፋው። በዚያ ላይ የመኪናው ሙቀት ዘይቱን ያሰፋዋል፤ 20 ዲግሪ ከጨመረ 100 ሚሊ ዘይት ከአንድ ሚሊ በላይ ያብጣል። ድሬ ላይ ደህና የነበረ ካርቶን ሐረር ሲደርስ ታቹ የሚረጥበው ለዚህ ነው። ሐረር ሞልታችሁ ወደ ድሬ የምታወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል፤ ስስ ጠርሙስ ጎኑ ገባ ይላል።

ስለዚህ እስከ አፉ አትሙሉ። ጠርሙሱ እስከ አፉ ሲሞላ 100 ሚሊ ብቻ የሚይዝ ከሆነ የምትፈልጉት እሱ አይደለም፤ 100 ሚሊ ከገባ በኋላ ቢያንስ አራት አምስት ሚሊ ባዶ የሚተው ያስፈልጋችኋል። ስትገዙ በውኃና በሚዛን ለኩ፤ 105 ግራም ውኃ የሚይዝ በቂ ነው። ከድናችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩ፣ በማግስቱ ክዳኑን እንደገና አጥብቁ። ፕላስቲክ በሙቀት ትንሽ ይላላል፣ ሁለተኛው ማጥበቅ ለዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የአንገት ማሸጊያው የሚገባው። ሳጥን አልመክርም፤ የካርቶን መቁረጫ ቅርጹ ብቻ ለ500 ፍሬ ይከብዳል። በምትኩ በሙቀት የሚኮማተር ግልጽ ፕላስቲክ ቀለበት ክዳኑን ከአንገቱ ጋር ይይዛል፣ ያልተከፈተ መሆኑንም ያሳያል። የሚታዘዘው በተኛበት ስፋቱ ነው። ክዳኑ 27 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 85 ይጠጋል፤ ግማሹ 42 ተኩል፣ ለመግቢያ ሁለት ተኩል ጨምሩ፤ 45። የፀጉር ማድረቂያ በቂ ነው። ከሩቅ ይዛችሁ ጠርሙሱን እያዞራችሁ አሙቁ፣ አንድ ቦታ ላይ አታቁሙት፣ ይጨማደዳል።

ገበያ ከመውጣቱ በፊት አሥር ጠርሙስ ካርቶን ውስጥ በተራ ወረቀት ላይ አጋድማችሁ ሐረር በሚኒባስ ላኩ። የሚቀበላችሁ ሰው ሸዋ በር ላይ ከፍቶ ወረቀቱን ፎቶ ያንሳላችሁ። ቅባት ነጥብ ካለ የትኛው ጠርሙስ ሥር እንደሆነ ይታያል። ነጥቡ አንድ ሁለት ጠርሙስ ሥር ብቻ ከሆነ ክዳኑ አልጠበቀም ማለት ነው። ሁሉም ሥር ከሆነ የክዳኑና የአንገቱ ቁጥር አይገጥምም፤ ያንን ማጥበቅ አያድነውም፣ ክዳኑን መቀየር ነው።

ለሁለተኛው ዙር አንድ ነገር አስቀድማችሁ አድርጉ። ክዳኑን ከጠርሙሱ ቁጥር 50 ያህል አስበልጣችሁ ግዙ። የሚጠፋና የሚሰነጠቅ አለ፣ በኋላ የሚመጣው ጥቁር ደግሞ ከበፊቱ ጥቁር ላይመሳሰል ይችላል። ከመጀመሪያው ዙር አንድ ሙሉ ጠርሙስ ከነሌብሉ ፀሐይ በማይነካው ቦታ አስቀምጡ። አዲስ የታተመውን ቀለም የምታመሳክሩት ከስክሪን ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር ነው።